ቀለም ያልያዘው ነጠብጣብ

የሰገራ ካልቸር አድሮ ከኢንኩቤተር ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ወደ ቀዩ ነው። ካልቸሩ የበቀለባት መዳፍ የምታህል ክብ የፕላስቲክ ሳህን ናት። ውስጧ ቀላ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የረጋ ነገር አለ። በላዩ ላይ ደማቅ ሮዝ ነጠብጣቦች ተበትነዋል፤ በአንደኛው ጠርዝ ተደራርበው ወፍራም ቀይ ግርፍ ሠርተዋል፣ ወደ መሃል ሲመጡ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። «በሽታው ይሄ ነው?» ይላል እንግዳው። ባለሙያዋ ግን ሳህኗን ወደ መብራቱ ዘንበል አድርጋ የምትፈልገው ሌላ ነው፤ ከሮዞቹ መካከል ገርጥተው የቀሩ፣ ሥራቸው ያለው ቀለም አልፎ የሚታይባቸው ሁለት ሦስት ነጠብጣቦች። የዛሬ ሥራዋ በእነሱ ላይ ነው።

ሮዞቹ በየሰዉ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ የዘወትር ነዋሪዎች የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። የገረጡት ግን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ ወይም ሳልሞኔላ ሊሆኑ ይችላሉ። ላይሆኑም ይችላሉ። ሳህኗ የምትመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ስለሆነ፦ ይህ ባክቴሪያ የወተት ስኳርን ያብላላል ወይስ አያብላላም? ይህን አንድ ጥያቄ በቀለም እንዲመልስ ተደርጎ እንዴት እንደተሠራ፣ መልሱስ እስከ የት ድረስ እንደሚታመን ማወቅ የካልቸር ውጤት ለምን ቀናት እንደሚወስድ ጭምር ያስረዳል።

ችግሩ የሚጀምረው ከብዛት ነው። በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች አሉ። አብዛኞቹ አየር ባለበት ስለማይበቅሉ ለዚህ ሥራ አያስቸግሩም። የሚበቅሉት ብቻ ግን ሳህኑን ለመሸፈን ይበቃሉ። ከእነዚህ መካከል ጥቂት ሺጌላዎችን ማግኘት ነው ሥራው። ማይክሮስኮፕ እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም። በየጤና ጣቢያው የሚደረገው የተለመደው የሰገራ ምርመራ አሜባን፣ ጃርዲያን፣ የትል እንቁላልን፣ ደምና መግልን ያሳያል፤ ባክቴሪያን ግን ከባክቴሪያ አይለይም። ኢ ኮላይ፣ ሳልሞኔላና ሺጌላ ሦስቱም አጫጭር ዘንጎች ናቸው፤ በግራም ቀለም ሲነከሩ ሦስቱም ቀላ ብለው ይታያሉ። አንዱን ከሌላው የሚለየው መልኩ ሳይሆን የሚበላውና የሚያስወጣው ነገር ነው።

ይህን ልዩነት በሳህን ላይ ያወጣው ሰው አልፍሬድ ማኮንኪ ይባላል። በ1861 የተወለደ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር፤ ሥራውንም የሠራው ሊቨርፑል ውስጥ ነው። የሚገርመው መነሻው በሽተኛ አልነበረም። የእንግሊዝ መንግሥት በዚያን ዘመን የከተሞችን ፍሳሽ እንዴት እንደሚያስወግድ የሚያጠና ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር፤ ማኮንኪም ለዚሁ ኮሚሽን በባክቴሪያ ምርመራ ይሠራ ነበር። ወንዝ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ከአፈር የመጣ ነው ወይስ ከሰው አንጀት? ይህን ለማወቅ የአንጀት ባክቴሪያን ብቻ የሚያበቅል ነገር ያስፈልግ ነበር። ማኮንኪ የአንጀት ባክቴሪያ ዕድሜውን በሙሉ ሐሞት ውስጥ እንደሚኖር አሰበ። እንግዲያው ሐሞት ቢጨመርበት ያልለመደው ይቀራል፣ የለመደው ይበቅላል። በ1900 የመጀመሪያውን ጽሑፉን አወጣ፤ በ1905 ደግሞ ላክቶስን የሚያብላሉ የሰገራ ባክቴሪያዎችን በዝርዝር ያጠናበትን ሥራ አሳተመ። ዛሬ በየላቦራቶሪው ባለሙያዎች በአጭሩ «ማኮንኪ» የሚሉት ሚዲያ ከዚያ የመጣ ነው።

አንድ ሳህን ማኮንኪ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ይሠራል። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው፤ ተማሪዎችም ፈተና ላይ ከሚስቱባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። አንደኛው ሥራ መምረጥ ነው፤ ማን ይበቅላል፣ ማን አይበቅልም የሚለውን ይወስናል። ሁለተኛው መለየት ነው፤ ከበቀሉት መካከል የትኛው ምን ዓይነት መልክ እንደሚኖረው ይወስናል። መራጭ የሆነ ሚዲያ ሁሉ ለይቶ አያሳይም፤ ለይቶ የሚያሳይ ሁሉም አይመርጥም። ለምሳሌ ከበግ ደም ጋር የሚዘጋጀው ብለድ አጋር ለሁሉም ማለት ይቻላል ክፍት ነው፤ ነገር ግን የደም ሴሎችን የሚያፈርሰውን ባክቴሪያ በዙሪያው በሚፈጠረው የጠራ ቀለበት ለይቶ ያሳያል። ማኮንኪ ሁለቱንም ያደርጋል፤ ሁለቱን ሥራ የሚሠሩት ንጥረ ነገሮች ግን የተለያዩ ናቸው።

ለመምረጡ ኃላፊነት ያለባቸው የሐሞት ጨውና ክሪስታል ቫዮሌት የሚባለው ሐምራዊ ቀለም ናቸው። መጠናቸው ትንሽ ነው፤ በተለመደው አሠራር በአንድ ሊትር ውስጥ የሐሞት ጨዉ 1.5 ግራም፣ ክሪስታል ቫዮሌቱ ደግሞ 1 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። የሐሞት ጨው የባክቴሪያን ስስ ሽፋን እንደ ሳሙና ያሟሟል። ግራም ኔጋቲቭ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ግን ከዚህ ስስ ሽፋን ውጭ ሌላ ሽፋን ደርበዋል፤ የሐሞት ጨዉም ሆነ ቀለሙ ይህን ሁለተኛ ሽፋን በቀላሉ አያልፍም። ግራም ፖዘቲቭ የሆኑት፣ ለምሳሌ ቆዳ ላይ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ፣ ይህ የውጭ ሽፋን ስለሌላቸው ይቀራሉ። የሐሞት ጨው ብቻውን ለምን አይበቃም ቢባል፣ ኢንተሮኮከስ የሚባል ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያ እሱም የአንጀት ነዋሪ ስለሆነ ሐሞትን ለምዶታል። እሱን የሚያስቆመው ክሪስታል ቫዮሌቱ ነው።

እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ። ሚዲያው ያልመረጣቸውን ባክቴሪያዎች እንዳይራቡ ያደርጋል እንጂ ሁሉንም አይገድላቸውም። ዓይን ባያያቸውም ጄሉ ላይ ሳይሞቱ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። አንድን ነጠብጣብ በመርፌ ነክተው ሲያነሱ ከሥሩ የነበረው አብሮ ይነሳል፤ ሌላ ሚዲያ ላይ ሲያርፍ ነፍስ ይዘራል። ስለዚህ ከመራጭ ሚዲያ የተነሳ ነጠብጣብ እንደገና ተዘርቶ ንጹሕ መሆኑ ሳይረጋገጥ ቀጣዩ ምርመራ ላይ ከዋለ፣ ውጤቱ የሁለት ባክቴሪያዎች ድብልቅ ሆኖ ባለሙያውን ግራ ያጋባል።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። በሊትር 10 ግራም ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር፣ ሚዲያው ውስጥ አለ። ሌላ ስኳር የለም። 20 ግራም ያህል ፔፕቶን፣ ማለትም አስቀድሞ የተፈጨ ፕሮቲን፣ ደግሞ ለሁሉም በቂ ምግብ ሆኖ ቀርቧል። ስለዚህ ላክቶስን መብላት የማይችለው ባክቴሪያም አይራብም፤ ፔፕቶኑን በልቶ ይበቅላል። ላክቶስን የሚችለው ግን ስኳሩን ያብላላና አሲድ ያስወጣል። ወተት ሲረጋ የሚኮመጥጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በእርጎው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሌሎች ቢሆኑም ላክቶስን ወደ አሲድ ይለውጣሉ።

አሲዱ በዓይን አይታይም፤ የሚታይ የሚያደርገው ኒውትራል ሬድ የሚባለው ቀለም ነው። ማኮንኪ መጀመሪያ ሊትመስ ነበር የተጠቀመው፤ ኒውትራል ሬድ በኋላ ነው የተተካው። በሊትር 30 ሚሊ ግራም ብቻ ይገባል። ሚዲያው ሲዘጋጅ ፒኤች 7.1 አካባቢ ነው። ፒኤቹ ከ6.8 በታች ሲወርድ ኒውትራል ሬድ ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ወደ 8 ሲጠጋ ደግሞ ወደ ቢጫ ይገረጣል። ከመነሻው እስከ መለወጫው ያለው ርቀት በጣም አጭር መሆኑን ልብ ይሏል፤ ትንሽ አሲድ ይበቃል። ላክቶስን የሚያብላላው ባክቴሪያ በዙሪያው ያለውን አካባቢ አሲድ ሲያደርገው ነጠብጣቡ ሮዝ ወይም ቀይ ይሆናል። አሲዱ ሲበረታ ደግሞ በውስጡ የሟሟው የሐሞት ጨው መሟሟቱን ትቶ ይዘቅጣል፤ ያኔ በነጠብጣቡ ዙሪያ የደበዘዘ ሮዝ ጭጋግ ይታያል። ይህ ጭጋግ ኢ ኮላይን ከሌሎቹ ሮዞች ለመለየት ከሚረዱ ምልክቶች አንዱ ነው። ላክቶስን የማያብላላው በተቃራኒው ፔፕቶኑን በልቶ አሞኒያ ያስወጣል፤ ፒኤቹ ይወጣል፣ ነጠብጣቡ ይገረጣል፣ አንዳንዴም አካባቢው ቢጫ ይመታል።

ላክቶስን ለመብላት ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ይህ በኋላ ስለሚያስፈልገን እንያዘው። አንደኛው ላክቶስን ከውጭ ወደ ሴሉ የሚያስገባ በር፣ ፐርሚየዝ የሚባለው ነው። ሁለተኛው የገባውን ላክቶስ ለሁለት፣ ወደ ግሉኮስና ጋላክቶስ የሚቆርጠው ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ኢ ኮላይ ሁለቱም አለው። ሳልሞኔላ በአብዛኛው ሁለቱም የለውም።

ሚዲያውን ማዘጋጀት ቀላል ይመስላል፤ አብዛኛው ላቦራቶሪም ዱቄቱን ተዘጋጅቶ ነው የሚገዛው። 50 ግራም ያህል ዱቄት በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ ገብቶ እየተማሰለ ይፈላል፣ ከዚያ አውቶክሌቭ ውስጥ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ደቂቃ ይቀቀላል። የሚያረጋው ነገር አጋር ይባላል፤ ከባሕር አረም የሚወጣ ሲሆን በባክቴሪያ ሥራ ላይ እንዲውል ሐሳቡን ያቀረበችው ፋኒ ሄሰ የተባለች ሴት ናት፤ በ1881 ገደማ በሮበርት ኮህ ላቦራቶሪ ባሏ ከሚሠራው ሥራ ጋር ተያይዞ። ከዚያ በፊት ይጠቀሙበት የነበረው ጄላቲን ኢንኩቤተር ውስጥ ሲገባ ይቀልጥ ነበር። አጋር ግን ከቀለጠ በኋላ ወደ 40 ዲግሪ ካልወረደ አይረጋም፣ አንዴ ከረጋ ደግሞ እንደገና ለመቅለጥ ከ85 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል።

አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ያለ ላቦራቶሪ እዚህ ጋ ከባሕር ጠለል የተጻፈ መመሪያ የማይነግረው ነገር ይገጥመዋል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ስለዚህ አጋሩ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ ጊዜ ይፈልጋል፣ ማማሰሉም መቋረጥ የለበትም። ይበልጥ የሚጎዳው ግን አውቶክሌቩ ነው። መመሪያዎች «15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ» ይላሉ፤ ያ ቁጥር የሚሠራው በባሕር ጠለል ላይ ነው። የጌጁ ንባብ የሚቆጥረው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ሲሆን፣ የአዲስ አበባ አየር ግን ስስ ነው። እዚህ 121 ዲግሪ ለመድረስ ጌጁ ወደ 19 ፒኤስአይ ገደማ ማሳየት አለበት። በ15 ቆሞ የቀረ ሰው ሚዲያው ተቀቀለ ብሎ ያስባል፣ ሙቀቱ ግን ጎድሏል፤ በማግስቱ ባዶ ሳህን ላይ ያልተዘራ ነገር በቅሎ ያገኛል። ስለዚህ ግፊቱን ትቶ ቴርሞሜትሩን ማመን ነው። ከልክ በላይ የተቀቀለ ሚዲያ ደግሞ ስኳሩ ይጎዳል፣ ቀለሙም ወደ ቡናማ ይሄዳል።

ከዚያ ሚዲያው ከ45 እስከ 50 ዲግሪ እስኪወርድ ይጠበቃል፤ ጠርሙሱን በእጅ ለመያዝ የሚቻልበት ሙቀት ነው። በእያንዳንዱ ሳህን 20 ሚሊ ሊትር ያህል ይፈሳል። በጣም ትኩስ ከፈሰሰ ክዳኑ ላይ ላብ ይጠራቀማል፣ ላቡ ሲንጠባጠብ ነጠብጣቦቹን አቀላቅሎ ያበላሻቸዋል። ማኮንኪ ሲያዘጋጅ የነበረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

አሁን አንድ ሕመምተኛ እንውሰድ። የአራት ዓመት ልጅ እንበል፤ ሁለት ቀን ትኩሳት ነበረው፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ ሰገራ በንፍጥና በደም ይወጣዋል። የሰገራ ማይክሮስኮፕ ምርመራው መግልና ቀይ የደም ሴል አሳየ፣ አሜባ ግን የለም። ሐኪሙ ካልቸር ያዛል። ናሙናው ከፀረ ተህዋስያን መድኃኒት በፊት መወሰድ አለበት፤ አንድ ቀን የተወሰደ መድኃኒት እንኳ ሺጌላውን አጥፍቶ ኢ ኮላይን ሊያስቀር ይችላል። የሚወሰደውም ንፍጥና ደም ያለበት ክፍል ነው። ሺጌላ ከአንጀት ከወጣ በኋላ ቶሎ ይሞታል፣ የሰገራው አሲድነት ሲጨምር አይችልም፤ ስለዚህ ናሙናው በሁለት ሰዓት ውስጥ ሳህን ላይ መዘራት አለበት፣ ካልሆነም ኬሪ-ብሌር በሚባል መጓጓዣ ሚዲያ ውስጥ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ «ሺጌላ አልተገኘም» የሚል ውጤት የሚመጣው ሺጌላ ስላልነበረ ሳይሆን መንገድ ላይ ስለሞተ ነው።

አዘራሩ እንዲህ ነው። ሉፕ በሚባል ክብ ጫፍ ሽቦ ትንሽ ሰገራ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ይቀባል። ሉፑ በእሳት ተለብልቦ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ከተቀባው ጫፍ ወደ ጎን ጥቂት መስመሮች ይሳባሉ። እንደገና ይለበለባል፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ይሳባል፤ እንደገናም ወደ አራተኛው። በእያንዳንዱ ዙር የባክቴሪያው ብዛት ይቀንሳል። አራተኛው ላይ ሲደረስ አንድ በአንድ ተራርቀው ይቀመጣሉ፣ አድሮ ከእያንዳንዳቸው አንድ ነጠብጣብ፣ ማለትም አንድ ኮሎኒ ይወጣል። ሳህኑ ተገልብጦ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ባለው ኢንኩቤተር ውስጥ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል።

በማግስቱ ሳህኑ እንዲህ ይነበባል። የመጀመሪያው ክፍል ሙሉ በሙሉ ሮዝ ነው፤ እዚያ ማንንም ከማን መለየት አይቻልም። አራተኛው ክፍል ላይ ዙሪያቸው ጭጋግ ያለ ደረቅ ሮዝ ኮሎኒዎች አሉ፤ ኢ ኮላይ ይመስላሉ። ሁለት ትልልቅ፣ እርጥብና የሚያንጸባርቁ፣ ሉፕ ሲነካቸው ክር የሚስቡ ሮዞች አሉ፤ ክሌብሲየላ ይመስላሉ። አምስት ያህል ትንንሽ፣ ልስልስ፣ የገረጡ ኮሎኒዎችም አሉ። ባለሙያዋ ከእነዚህ መካከል ከሮዞቹ የራቁትን ትመርጣለች። ከሮዝ ኮሎኒ አጠገብ የበቀለ ገርጣ ኮሎኒ የጎረቤቱ አሲድ ደርሶት ሮዝ መስሎ ሊታይ ይችላልና፣ በተጨናነቀው ክፍል ያለው ቀለም አይታመንም።

የገረጡት ላክቶስን እንደማያብላሉ ታውቋል፤ ከዚህ በላይ ግን ምንም አልታወቀም። ሺጌላ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሳልሞኔላ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጤነኛ ሰው አንጀት ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲየስም ገርጣ ነው፣ ሱዶሞናስም ገርጣ ነው። ስለዚህ ሦስቱ ተነስተው እንደገና ይዘራሉ፣ ከንጹሑ ዘር ደግሞ የዩሪያና የኦክሲዴዝ ምርመራ ይደረጋል። ዩሪያውን በጥቂት ሰዓታት ደማቅ ሮዝ የሚያደርገው ፕሮቲየስ ነው፣ ይወጣል። ኦክሲዴዝ ላይ ሐምራዊ የሚሆነው ሱዶሞናስ ነው፣ እሱም ይወጣል። የቀረው ቲኤስአይ በሚባል፣ ዘንበል ብሎ በረጋ ሚዲያ ቱቦ ውስጥ ይዘራል። የዚህ ቱቦ ብልሃት ግሉኮሱ 0.1 በመቶ፣ ላክቶሱና ሱክሮሱ ግን እያንዳንዳቸው 1 በመቶ መሆናቸው ነው። ግሉኮስ ብቻ የሚበላ ባክቴሪያ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቱቦውን በሙሉ ቢጫ ያደርጋል፤ ግሉኮሱ ቶሎ ሲያልቅበት ግን አየር በሚያገኘው ዘንባላ ላይ ፔፕቶን መብላት ይጀምርና መልሶ ቀይ ያደርገዋል። አየር የማያገኘው ታችኛው ክፍል ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

የልጁ ቱቦ በማግስቱ ዘንባላው ቀይ፣ ሥሩ ቢጫ ሆነ፤ ጄሉ በጋዝ አልተሰነጠቀም፣ የጠቆረ ነገርም የለበትም። ጠቁሮ ቢሆን ኖሮ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ማለት ስለሆነ ሐሳቡ ወደ ሳልሞኔላ ያጋድል ነበር። ጋዝም ጥቁርም የሌለው፣ በተጨማሪም የማይንቀሳቀስ ባክቴሪያ ሺጌላን ያሳስባል። ማረጋገጫው ሴረም ነው፤ በመስታወት ላይ አንድ ጠብታ የሺጌላ ቢ ሴረም ከኮሎኒው ጋር ሲቀላቀል በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንደ አሸዋ ከተቋጠረ ሺጌላ ፍሌክስኔሪ ነው። የመድኃኒት ምርጫ ምርመራው ጎን ለጎን ይጀመራል፣ እሱም አንድ ሌሊት ይፈልጋል። ሦስትና አራት ቀን የሚፈጀው ስንፍና ተይዞ አይደለም፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ባክቴሪያው አንድ ሌሊት እንዲበቅል ስለሚያስገድድ ነው።

በነገራችን ላይ በአገራችን «ታይፎይድ አለብህ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ዊዳል በሚባለው የደም ሴረም ምርመራ ነው። ዊዳል የሚያየው ሰውነት ያዘጋጀውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ባክቴሪያውን አያሳይም፣ ቀድሞ የታመመ ሰውም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። የታይፎይድ ባክቴሪያ ራሱ በመጀመሪያው ሳምንት በብዛት የሚገኘው በደም ውስጥ ነው፤ የደም ካልቸር ጠርሙሱ ሲበቅል ወደ ማኮንኪ ይዘራል፣ ያኔም ገርጣ ሆኖ ይወጣል።

ቀለሙ የማይታመንባቸውን ቦታዎች እንይ። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ሳህኑ ከ24 ሰዓት አልፎ ወደ 48 ከሄደ ሮዞቹ ላክቶሱን ጨርሰው ወደ ፔፕቶኑ ይዞራሉ፣ አሞኒያ ያስወጣሉ፣ አንዳንዶቹም ይገረጣሉ። አርብ ገብቶ ሰኞ የተነበበ ሳህን በዚህ ምክንያት ከእውነቱ የበዙ «ተጠርጣሪዎች» ሊያሳይ ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሺጌላ ሶኔ ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ ኢንዛይሙ አለው፣ የማስገቢያ በሩ ግን ይጎድለዋል። ላክቶሱ እያዘገመ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ በ24 ሰዓት ገርጣ ሆኖ በኋላ፣ ከሁለት ቀን በላይ ቆይቶ፣ ሮዝ ይሆናል። ሳህኑን ቶሎ ያነበበ ያገኘዋል፣ የዘገየ ከኢ ኮላይ ጋር ሊቀላቅለው ይችላል። በሩን ሳይጠይቅ ኢንዛይሙን ብቻ የሚመረምር ኦኤንፒጂ የሚባል ሌላ ምርመራ አለ፤ ሺጌላ ሶኔ በዚያ ላይ ወዲያው ቢጫ ያደርጋል።

ከሺጌላ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገርም አለ፤ እኔ ከሁሉ አብዝቶ የሚያስገርመኝ እሱ ነው። በዘረመል ሲታይ ሺጌላ ራሱ ኢ ኮላይ ነው። በታሪክ ውስጥ ከተለያዩ የኢ ኮላይ ዘሮች ተነጥሎ፣ የአንጀት ግድግዳ ውስጥ የመግባት ችሎታ አግኝቶ፣ የማያስፈልገውንም እየጣለ የመጣ ነው። ላክቶስ የመብላት ችሎታው ከጣላቸው አንዱ ነው፤ መንቀሳቀሻውም ሌላው። ስማቸው የተለያየው ሐኪሞች የሚያዩት በሽታ የተለያየ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ሳህኑ ዘመድን ከዘመድ የሚለየው በዘር ሐረግ አይደለም፤ አንዱ የተወውን፣ ሌላው ያልተወውን ልማድ ያሳያል። ልማዱን እንደ ሺጌላ የተወ ሌላ ኢ ኮላይም ስላለ፣ የደም ተቅማጥ የሚያመጣ ሆኖ ሺጌላ ያልሆነ ገርጣ ኮሎኒ ባለሙያን ማስቸገሩ አልቀረም።

የመጨረሻው ደግሞ ሮዙን ንጹሕ ነው ብሎ ማለፍ ነው። በ1982 በአሜሪካ ኦሪገንና ሚሺጋን ውስጥ ደም የሚያስወጣ ተቅማጥ የያዛቸው ሰዎች ያልበሰለ ሐምበርገር በልተው ነበር። ሰገራቸው ማኮንኪ ላይ ሲዘራ የወጣው ተራ የሚመስል ሮዝ ነበር፤ ሺጌላም ሳልሞኔላም የለም። ጥፋተኛው ኢ ኮላይ ኦ157፡ኤች7 መሆኑ የታወቀው በሌላ ምርመራ ነው። ይህ ዝርያ ሺጋ የሚባለውን መርዝ ያመነጫል፣ ኩላሊትንም ሊያበላሽ ይችላል፤ ላክቶስን ግን እንደማንኛውም ኢ ኮላይ ያብላላል። ልዩ ልማዱ ሌላ ቦታ ነበር፤ አብዛኛው ኢ ኮላይ የሚያብላላውን ሶርቢቶል የተባለ ስኳር መሰል ነገር እሱ በቶሎ አያብላላም። ስለዚህ ማኮንኪው ውስጥ ላክቶሱ ወጥቶ በቦታው ሶርቢቶል ገባ፣ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ቀረ። አሁን ተራው ኢ ኮላይ ሮዝ ነው፣ ኦ157 ደግሞ ገርጣ። ጥያቄው ስለተለወጠ መልሱ ተለወጠ።

ያም ቢሆን ሶርቢቶልን የሚያብላሉ የኦ157 ዝርያዎች በአውሮፓ ተገኝተዋል፤ ኦ26ንና ኦ111ን የመሳሰሉ ሌሎች መርዝ አመንጪዎችም ከተራው ጋር ሮዝ ሆነው ይቀላቀላሉ። በዚህ ምክንያት አቅሙ ያላቸው ላቦራቶሪዎች ደም የቀላቀለ ሰገራ ሲመጣላቸው ሳህኑን ሳይተዉ የሺጋ መርዙን ወይም የመርዙን ዘረመል በቀጥታ ከሰገራው ይፈልጋሉ፤ መርዙ ከተገኘ ደግሞ ከሮዞቹ መካከል የትኛው እንዳመነጨው ለማወቅ ኮሎኒዎቹን አንድ በአንድ እያነሱ ይመረምራሉ።